በሴት ጾታ የጠራሁት መምህር

በሕይወቴ አምርሬ የቀናሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያስቀናኝም ሰዋስው ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ሰው በቤት ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። "ፀሐይ ወጣች ለምን ይባላል? ለምን ወጣ አይባልም?" በሚል ጥያቄ አንድ ጤነኛ ሰው ምግብ አልበላ ሊለው ይችላል ብሎ የሚያምነኝ የለም። እኔን ግን አልበላ ብሎኝ ያውቃል።

ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ "ኢትዮጵያ ትቅደም" እንላለን፣ እርስ በርሳችን "ጓድ" እንባባላለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየተራ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ እየሄድን ትልልቅ ሰዎችን ፊደል እናስቆጥራለን። ከክፍሉ ኃላፊ ቀጥሎ ከአማርኛ መምህራን መካከል ረጅም ጊዜ ያገለገልኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም የመጡ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ግዕዙን ከነአገባቡ ገና በልጅነቴ አስጠንተውኛል። ስለዚህ አማርኛ የኔ ነው ብዬ አምን ነበር። ሌላው ይናገረዋል፣ እኔ አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ሽበት የወረራቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ሥራዬ ደስ ያሰኛቸው ቀን "አንቺ" አይሉኝም። "ጎበዝ አንተ! እንዲህ ነው እንጂ!" ይሉኛል። አባቴም እንደዚያው ነበሩ፤ ቅኔው ሲገባኝ "አንተ"፣ ሳጠፋ "አንቺ"። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ሆኜ እንኳ ያቺን የጋሼን "አንተ" ስሰማ ቀኑን ሙሉ ልቤ ሙቅ ሆኖ ይውል ነበር።

ከከፋ የመጣው መምህር እኛ ትምህርት ቤት የተመደበው መስከረም ላይ ነው። ቀጠን ያለ፣ ጸጥተኛ፣ ከኔ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት የሚያንስ ወጣት ነበር። አማርኛ የተማረው ቦንጋ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ቃል አያውቅም ነበር። አሁንም ሲናገር ቃሉን እየመዘነ ነው። እኔን "እርስዎ" ይለኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ በአራት የተቀደደ የድሮ ፈተና ወረቀት አለ። ሰው እያወራ ሳለ ድንገት ያወጣና ባዶው ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ መልሶ ይከታል። ወረቀቶቹን መምህራን ክፍል ባለው ጠረጴዛው ሥር በአንዲት የሳሙና ካርቶን ያጠራቅማል። መጀመሪያ ላይ ግጥም የሚጽፍ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች ጾታ እያቀላቀሉ አስቸግረዋል፤ "እናቴ መጣ" ብለው ይጽፋሉ፣ "መኪናው ተበላሸች" ይላሉ። ስለዚህ የናንተ ክፍል ስለ ስም ጾታ ለመምህራን የሚሆን አጭር መመሪያ ያዘጋጅ ይላል። ጋሼ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

"ይሄ ያንተ ሥራ ነው" አሉኝ።

በሁለት ሳምንት ጻፍኩት። እያንዳንዱን ገጽ ሦስት ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ። ሕጌ ቀላልና ያማረ ነበር፦ አንስታይ ስም በ"ት" ያልቃል። ንጉሥ ንግሥት፣ ቅዱስ ቅድስት፣ ሙሽራ ሙሽሪት፣ አሮጌ አሮጊት። አባቴ ያስተማሩኝ ነው፤ ከግዕዝ የወረደ ነው፤ ማን ይነቀንቀዋል?

ጽሑፉን ለመመልከት መምህራን ክፍል ተሰበሰብን። ጋሼ፣ እኔ፣ ከከፋ የመጣው መምህር፣ ሌሎች ሁለት መምህራን፣ እንዲሁም ስብሰባ ሁሉ ላይ የሚገኝ አንድ የቀበሌው ተጠሪ። ተጠሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ያዳፋዋል። አንብቤ ስጨርስ ከከፋ የመጣው መምህር እጁን አወጣ።

"ጓድ መምህርት፣ የሰጡት ምሳሌ ሁሉ ልክ ነው" አለ። "ከምሳሌው ወደ ሕጉ ስንሄድ ግን ተቸገርኩ። ቤትስ? እሳትስ? ሌሊትስ? 'እሳቱ ነደደ' እንላለን፣ 'ሌሊቱ ነጋ' እንላለን። ሁሉም በ'ት' ያልቃሉ፣ ሁሉም ግን እንደ ወንድ ነው የሚነገርላቸው። ፀሐይ ደግሞ 'ት' የላትም፣ 'ወጣች' ነው የምንለው። ላምም የላትም።"

"እነሱ ከሕጉ ውጪ የሆኑ ናቸው" አልኩ።

"ከሕጉ ውጪ ያሉት ከሕጉ ውስጥ ካሉት በዙብኝ" አለ፤ በትሕትና ነው ያለው፣ እሱ ነው የባሰው።

መልስ እየፈለግኩ ሳለ ጥግ ያለው ተጠሪ ዓይኑን ገለጠ።

"ቆይ እስኪ፣ ቆይ" አለ። "አብዮት በ'ት' አይደለም እንዴ የሚያልቀው? ጓድ መምህርት፣ አብዮታችን ሴት ነው እያሉን ነው?"

ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ሊስቅ ይችላል። ያኔ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ የቀረበት ጊዜ ነው። ወረቀቴን አጣጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩ።

"አይደለም ጓድ" አለ ከከፋ የመጣው መምህር፣ እንደ ተራ የክፍል ጥያቄ ቆጥሮት። "የአብዮት 'ት' የቃሉ የራሱ ነው፣ ከጾታ ጋር አይገናኝም። 'አብዮቱ ፈነዳ' እንጂ 'ፈነዳች' ያለ ሰው የለም። 'አብዮታዊት ኢትዮጵያ' ስንል ግን ያቺ 'ት' የመጣችው ለሀገር ብላ ነው። የሀገር ስም በአማርኛ ሴት ነው፤ 'ትቅደም' እንጂ 'ይቅደም' አንልም። ጓድ መምህርት የጻፉት ስለዚህኛዋ 'ት' ነው። እሷ ደግሞ በጥቂት ስሞችና በቅጽሎች ላይ ብቻ ነው ያለችው፤ ትንሽ ማብራራት ነው የሚቀረው።"

ተጠሪው ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ዓይኑን ከደነ። እኔን አዳነኝ። አንድ ሰው የሚጠላው ሰው ምን ቢያደርግለት ነው የበለጠ የሚጠላው ቢሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ በሰው ፊት ያድነው።

ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ጎበዝ!" አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "አንቺ ደግሞ ከሱ ጋር ቁጭ በዪና አስተካክዪው" አሉኝ።

አንቺ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለ በመስኮት ሲመጣ አየሁት። ካርቶኗን አቅፏል። ከአፌ ያመለጠኝ ነው ብል እዋሻለሁ፤ አዘጋጅቼ ነው የተናገርኩት። "መጣችላችሁ፣ የከፋዋ ሊቅ!" አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ወንድን እንደ ሴት አድርጎ መጥራት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቃት ስድብ ናት፤ አንድ ፊደል ብቻ ትበቃለች። ሳቁ ሳያባራ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። መስማቱ ያጠራጥር ነበር። ኪሱን ዳበሰ፣ ወረቀት አወጣ፣ አንዲት መስመር ጻፈ፣ ሰላም ብሎን ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል አብረን ሠራን። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እየቀናሁ ተማርኩ፤ እየተማርኩ ይበልጥ ቀናሁ።

"በኛ ቋንቋ ነገሩ ቀላል ነው" አለኝ አንድ ቀን። "አብዛኛው ስም መጨረሻው ይነግርዎታል። ወንድ ልጅ ቡሾ ነው፣ ሴት ልጅ ቡሼ ናት። 'ኦ' ከሆነ ወንድ፣ 'ኤ' ከሆነ ሴት። አማርኛ ስማር እኔም እንደርስዎ መጨረሻውን ነበር የማየው። 'ት'ን አገኘሁና ደስ አለኝ። ከዚያ አስተማሪዬ 'ቤትዋ አይባልም፣ ቤቱ ነው' ብሎ በማስመሪያ መታኝ። በሌላው ቀን ደግሞ ራሱ አስተማሪዬ 'ይቺ ቤቴ አረጀችብኝ' ሲል ሰማሁት። ያን ቀን ነው ወረቀት መያዝ የጀመርኩት።"

ከዩኒቨርሲቲ የተዋሰው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበረው። ከዚያ እያነበበ ይነግረኝ ነበር። በዓለም ላይ ስሞችን ከሁለትም ከሦስትም በላይ አድርገው የሚመድቡ ቋንቋዎች አሉ። ስዋሂሊ ሰውን በአንድ ምድብ፣ ዛፍን በሌላ፣ ብዙ ዕቃዎችን በሌላ ያስቀምጣል፤ ምድቡም ከቃሉ ፊት በሚመጣው ድምፅ ይታወቃል። ዕቃዎቹ አንድ ሲሆኑ በ"ኪ" ይጀምራሉ፣ ሲበዙ "ኪ"ው "ቪ" ይሆናል። "ኪታቡ" መጽሐፍ ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ። ዐረቡ "ኪታብ" ሲል "ኪ" የቃሉ ሥር ናት። ስዋሂሊ ተናጋሪው ግን "ኪ"ን ሲሰማ የዕቃዎቹ ምድብ መስላው እዚያ ወሰዳትና ብዙውን "ቪታቡ" አለው።

"አዩ" አለኝ፣ ዓይኑ እየበራ፤ "ቋንቋ ስምን ሲመድብ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ነገሩ ምንድን ነው? ድምፁስ ምን ይመስላል? ስዋሂሊ ኪታቡን በድምፁ መደበው። አማርኛ ግን ለድምፅ ብዙም ግድ የለውም። ሰውንና ትልልቅ እንስሳን በተፈጥሮው ይመድባል። የቀረውን ወንድ ይለዋል፤ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ አገርን፣ መኪናን፣ እንደ አይጥና ዝንብ ያሉትን ትንንሾች ሴት ይላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ነገር አለ። እሱ ነው ካርቶኗ ውስጥ ያለው። ገና አልጨረስኩትም።"

ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁትን ቋንቋ ከከፋ መጥቶ ሲተነትንልኝ እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማለሁ። ምን እንዳቃጠለኝ ልናገር? የሚለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። "ይቺ ቤት" እና "ይሄ ቤት" ሁለቱንም ዕድሜ ልኬን ብያለሁ፤ ግን አንድም ቀን ልዩነቱን ልብ ብዬው አላውቅም። ለሱ እያንዳንዷ ጥያቄ ነበረች። ለኔ ሁሉም እንደ አየር ነበር። አየር የሚተነፍስ ሰው ስለ አየር ምን ያውቃል?

መመሪያው ሰኞ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሊቀርብ፣ ዓርብ ዕለት እሱ የመሠረተ ትምህርት ተራው ደርሶ ተጣድፎ ወጣ። ካርቶኗ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። መምህራን ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። "አንድ ጊዜ ልመልከታት" አልኩ ለራሴ። ከዚያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ ካርቶኗን በነጠላዬ ሸፍኜ አቀፍኩ፣ ፌርማታው ድረስ ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሂጂ ስላት "አሁን ማን ሊቀጥረኝ ነው" ትለኛለች።

"ይቺን ካርቶን ደግሞ ከየት አመጣሻት?" አለችኝ።

ደንግጬ ቆምኩ። "እማዬ፣ ምን አልሽ?"

"ካርቶኗን ከየት አመጣሻት ነው ያልኩሽ።"

"ለምን 'ይቺን' አልሽ? ካርቶን ሴት ናት?"

እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ምን ነክቶሻል ዛሬ? ትንሽ ናታ! ትልቅ ብትሆን 'ይሄን' እልሽ ነበር" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ገበያ ስትሄድ በሬን ዘግቼ ካርቶኗን አልጋው ላይ ገለበጥኳት። ወረቀቶቹ በክር በክር ታስረዋል። ክሩን ፈትቼ ማንበብ ጀመርኩ። የሰው ንግግር፣ የተናጋሪው ማንነት፣ ቦታው፣ ከሥር ደግሞ የሱ ማስታወሻ።

"'ይሄ ድስት አልበቃ አለኝ፤ ያቺን ድስት ደግሞ አምጪልኝ።' አከራዬ፣ ጓዳ። ወንዱ ድስት ትልቁ ነው፣ ሴቷ ትንሿ።"

"'ኧረ ይሄ አይጥ የሚያክለውን እዩ!' ባለ ሱቅ። አይጥ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ይሄኛው ስለገዘፈ ወንድ ሆነ።"

"'ይቺን አንድ ብርሌ ልድገማት።' ጠጅ ቤት። ብርሌው ትንሽ አይደለም። ስለወደዳት ነው።"

"'ያቺ ጫማው ደግሞ ዛሬም አለች!' ተማሪ በጓደኛው ላይ። ጫማው ትልቅ ነው። ስለናቃት ነው።"

"'ልጆቹ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ።' ሲበዙ ጾታ ይጠፋል። 'እሳቸው መጡ' ስንልም ይጠፋል። አማርኛ ሲያከብር ጾታ አይጠይቅም።"

ሦስተኛው ነገር ይህ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ሕይወት የሌለውን ነገር በሴት ጾታ ሲጠራ ስለ ነገሩ ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ለነገሩ ያለውን ስሜት ጭምር ነው። በሴት ጾታ ያሳንሰዋል፤ ያሳነሰውን ደግሞ ወይ ይወደዋል ወይ ይንቀዋል። ከኮልፌ ገበያ፣ ከታክሲ፣ ከቀበሌ ሰልፍ፣ ከየሰው ጓዳ አንድ በአንድ ለቅሞታል። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አማርኛው የኔ፣ ሰፈሩ የኔ፣ ሰዎቹ የኔ። በዚያ ሰዓት ካርቶኗን ምድጃ ውስጥ ብከታትስ የሚል ሐሳብ መጥቶልኛል፤ አልክድም።

ከዚያ "ሰው" የሚል የተጻፈበትን እሽግ ፈታሁ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦

"'መጣችላችሁ፣ የከፋዋ ሊቅ!' የሥራ ባልደረባ፣ ሴት፣ መምህራን ክፍል። ስለ እኔ። ወንድ በሴት ጾታ። ንቀት? ቁልምጫ?"

ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ሌላ የጥያቄ ምልክት ነበር። ሌላ ምንም አልጻፈም። አንድ የምሬት ቃል እንኳ የለበትም። የሚቀጥለው ወረቀት ደግሞ፦

"'ጎበዝ አንተ!' የክፍሉ ኃላፊ፣ ለዚያችው ባልደረባ። ሴት በወንድ ጾታ። ፍቅር። ከኅዳር ወዲህ አልሰማሁትም፤ እሷም የምትጠብቀው ይመስለኛል።"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እናቴ ከገበያ እስክትመለስ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካርቶኗን ይዤ አጠና ተራ ጀርባ ወደ ተከራየበት ግቢ ሄድኩ። አከራዩ በር ከፈቱልኝ። እሱ ግቢው መሐል በርሜል ሥር ቁጢጥ ብሎ ሱሪ ያጥባል። ውኃው ጠቁሯል። ጫማዎቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ጭቃ ለብሰው። የሚሸተውን ሽታ ኮልፌ ያደገ ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ካርቶኗን አይቶ ተነሣ። እጁ ላይ አረፋ አለ።

"የት ነበረች?"

"እኔ ጋ።"

"እርስዎ ጋ" አለ። "ዓርብ ማታ ተመልሼ ብመጣ የለችም፤ ዘበኛው ቆሻሻው ተጭኖ ሄደ አለኝ። አብራ የሄደች መሰለኝ። ትናንት ቆሼ ውስጥ ዋልኩ። እዚያ የሚለቅሙት ሰዎች እንኳ አዘኑልኝ፤ ከየጉድጓዱ የሳሙና ካርቶን እያወጡ 'ይቺ ናት? ይቺ ናት?' ይሉኝ ነበር።" አረፋውን ከእጁ አራገፈ። "ወረቀት አልነበረኝም እንጂ እሱንም እጽፈው ነበር።"

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩ።

"ለምን ወሰድሻት?"

"አንቺ" አለኝ። ያን ሁሉ ወር "እርስዎ" ሲለኝ ኖሮ። አከበረኝ ወይስ አወረደኝ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የሚገባኝን ነበር ያለኝ።

"አነበብሻት ወይ እንዳትለኝ፣ አነበብኳት" አልኩ። "የኔንም አገኘሁት።"

"የቱን?"

"'መጣችላችሁ' የሚለውን።"

እጁን በሱሪው ጠረገና ከፊቴ ዞር አለ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አለኝ። "እሱን ነገ በስብሰባው ላይ ላነበው ነበር። ስምሽን አልጠራም ነበር፤ ግን ሁሉም ያውቁሽ ነበር። ለዚህ ነው ያስቀመጥኩት። ለሳይንስ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው።"

ትንሽ ቀለል አለኝ። ጻድቅ ቢሆን ኖሮ አልችለውም ነበር።

"የጥያቄ ምልክት አድርገህበታል" አልኩ።

"ምክንያቱም አላውቅማ። ተናጋሪው ካልነገረኝ እንዴት አውቃለሁ? ተማሪዎቼ በፍቅር 'ቲቸሯ መጣች' ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ ቃሉ አንድ ነው። ንገሪኝ። ንቀት ነው?"

"አይደለም።"

"ቁልምጫ ነው?"

"እሱማ አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አከራዩ በመስኮት ያዩን ነበር። "ቅናት ነው" አልኩ። ስናገረው ከአፌ ድንጋይ የወጣ ያህል ተሰማኝ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅናት ነው። ላሳንስህ ፈልጌ ነው፤ ትልቅ ስለሆንክብኝ ነው ያሳነስኩህ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካርቶኗን ተቀበለኝ፣ እሽጉን ፈታ፣ ወረቀቷን አወጣ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ አወረደ። "ቅናት ዝርዝሬ ውስጥ የለም" አለ።

"ጨምርበት" አልኩት።

ጻፈው። አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም። ሻይ እንኳ ሳይለኝ ወደ በሩ ሸኘኝ።

ሰኞ እሱ አቀረበ። የኔ "ት" ሕግ አንዲት አንቀጽ ሆና ተረፈች፤ "በጥቂት ስሞችና ቅጽሎች ላይ" የሚል ተጨምሮባት። ድስቱንና አይጡን ሲያነብ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። "ሰው" የሚለው እሽግ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ የኔን ወረቀት ዘሎ የተማሪዎቹን አነበበ። እዚያ ላይ የቀበሌው ተጠሪ ነቃ። "ወንድን በሴት መጥራት ንቀት ነው ማለት የሴቶችን እኩልነት አይጻረርም?" አለ። ከከፋ የመጣው መምህር "ሰው እንዲህ ይናገራል ነው እንጂ እንዲህ ይናገር አላልኩም" ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሰሚ አላገኘም። ስለ ሰው የሚለው ክፍል በሙሉ ከመመሪያው ተሰረዘ። የኔም ኃጢአት አብሮ ተሰረዘ። መደሰት ሲገባኝ ተናደድኩ፤ ከመመሪያው ሁሉ እውነተኛው ገጽ እሱ ነበር።

መመሪያው በማባዣ ማሽን ተባዝቶ ወጣ፤ ስማችን አልተጻፈበትም፤ "በአማርኛ መምህራን የተዘጋጀ" ይላል። ጋሼ አንድ ቅጂ ሲሰጡኝ ምንም አላሉኝም። ጡረታ እስኪወጡም ድረስ በ"አንተ" አልጠሩኝም። ምን እንዳደረግኩ የነገራቸው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እንዲያው የኔ ተራ አልፎ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከከፋ የመጣውን መምህር መማሪያ መጽሐፍ ከሚያዘጋጁት ጋር ወሰዱት። ሲሰናበተኝ ጨበጠኝ፤ በ"አንቺ" እንደጸና ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤ ላከልኝ። እዚያ ቢሮ ውስጥ የሚሰማው ሁሉ የወረቀት አማርኛ እንደሆነ፣ ሰው እንደሚናገረው የሚናገር እንዳጣ ጻፈ። "አንቺ ሰፈሩ ውስጥ ነሽ፣ ጆሮሽም አሁን ተከፍቷል። የሰማሽውን ላኪልኝ" ይላል።

ላክሁለት። ለብዙ ዓመታት በወር ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ወረቀት እልክለት ነበር፤ ከታክሲ፣ ከዕድር፣ ከእናቴ ጓዳ። እሱም እያመሰገነ ይመልስልኛል። አንድ ነገር ግን ነግሬው አላውቅም፤ ምርጥ ምርጦቹን አልላክሁለትም። እነሱን በጫማ ካርቶን አድርጌ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ።